ሁለት ሲም ባለው ስልክ፣ ስታወሩ የሚዘጋው የትኛው መስመር ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ 09 እና 07 አብረው የገቡበት ስልክ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መስከረም በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሩን ሳይጥል ሁለተኛ ሲም ጨምሯል። ሲሙን የሸጠላችሁ ልጅ ስልኩ ውስጥ ይከትና "አለቀ" ይላችኋል። ግን አላለቀም። ስልኩ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ጥሪ በየትኛው መስመር ይውጣ? መልእክትስ? ኢንተርኔትስ? አብዛኛው ሰው ሳያነብ ነካ ነካ አድርጎ ያልፈዋል።

የሚያነበው ሰው ደግሞ በዋጋ ይመርጣል። ርካሽ ደቂቃ ያለው ይደውል፣ ርካሽ ዳታ ያለው ኢንተርኔት ይያዝ ይላል። ስሌቱ ስህተት የለበትም፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። በአብዛኛው ስልክ ላይ በአንዱ መስመር ስታወሩ ሌላው መስመር ለጊዜው ይዘጋል። ስለዚህ "በየትኛው ልደውል" ብላችሁ ስትመርጡ፣ ሳታውቁት "የትኛው ይዘጋብኝ" የሚለውንም እየመረጣችሁ ነው። ስልኩን ለሥራ ለሚጠቀም ሰው ከሁለት ሦስት ብር ልዩነት ይልቅ ይኼኛው ይከብዳል።

መጀመሪያ አንድ ብዥታ እናጥራ። የጥሪና የመልእክት ምርጫው የሚገዛው ከእናንተ የሚወጣውን ብቻ ነው። ሰው ሲደውልላችሁ በደወለበት ቁጥር ይገባል። መልእክትም እንደዚያው። 07ን ለጥሪ መረጣችሁ ማለት 09 መጥራት አቆመ ማለት አይደለም። ሁለቱም ክፍት ሆነው ይጠብቃሉ። ኢንተርኔት ግን ሌላ ነው። በአንድ ጊዜ ዳታ የሚሠራው በአንድ ሲም ብቻ ነው፤ የሚወጣውም የሚገባውም በተመረጠው በኩል ነው። ሌላው ሲም ላይ የቱንም ያህል ጥቅል ቢኖር አይነካም።

ታዲያ ሁለቱም ክፍት ከሆኑ ስታወሩ አንዱ ለምን ይዘጋል? አብዛኛው ባለ ሁለት ሲም ስልክ ሁለት ሲም ይያዝ እንጂ ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው የራዲዮ ክፍል አንድ ነው። ያንን አንድ ክፍል ሁለቱ ሲሞች ይጋሩታል። አንድ ዘበኛ ሁለት በር እንደሚጠብቅ አስቡት። እንግዳ በሌለበት ሰዓት ተራ በተራ ሁለቱንም በር ያያል። አንዱ በር ላይ እንግዳ መጥቶ ወሬ ከያዘ ግን ሌላው በር ጠባቂ የለውም። ስልኩም ጥሪ ሲይዝ ራዲዮውን ለዚያ መስመር ይሰጣል። ሁለተኛው መስመር ላይ የሚደውል ሰው "ማግኘት አልቻልንም" የሚል ድምፅ ይሰማል። የከፋው ነገር፣ ያመለጣችሁ ጥሪ ዝርዝር ውስጥ ምንም አይገባም። ስልኩ ስላልሰማው አይመዘግበውም። በዚያ ቁጥር የደወለ ደንበኛ ስልካችሁን ዘግታችኋል ብሎ ያስባል። እናንተ ደግሞ መደወሉንም አታውቁም።

ሁሉም ስልክ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። አንዳንድ አዳዲስና ወደድ የሚሉ ስልኮች በአንዱ መስመር እያወሩ ሌላውንም መስማት ይችላሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሻጩን አትጠይቁ፤ ሞክሩት። የሁለት ጓደኞቻችሁ ስልክ ይበቃል። ለአንዱ በ09 ደውሉና መስመሩን ሳትዘጉ ያዙት። ሁለተኛው በ07 ቁጥራችሁ ይደውል። ከጠራ ዕድለኛ ናችሁ፤ ከዚህ በታች ካለው ግማሹ አይመለከታችሁም። "ማግኘት አልቻልንም" ካለው ቀጥሉ። ሙከራውን ገልብጣችሁም አድርጉት። በ07 እያወራችሁ በ09 ይደወል።

አሁን አንድ ሰው ይዘን እንሂድ። ደሴ ሸዋበር አካባቢ አንሶላና ብርድ ልብስ የምትሸጥ ነጋዴ አለች እንበል። ዕቃ ለማምጣት ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። 09 ቁጥሯ ሱቁ በር ላይ ተጽፏል፤ ደንበኛው ሁሉ የያዘው እሱን ነው። ቴሌብሯም በዚሁ ቁጥር ነው። 07ን የገዛችው ለዳታ ነው። በኋላ ግን ኮምቦልቻ ያሉ ሁለት ዕቃ አቅራቢዎቿም 07 ስላላቸው ጥሪዋን ሁሉ ወደ 07 አዞረችው። ከ07 ወደ 07 ደቂቃው ይረክሳላ!

ምን ይፈጠራል? ከአቅራቢው ጋር በዋጋ ስትከራከር ጊዜው ይሄዳል። ያ ሁሉ ደቂቃ 09 ዝግ ነው። ሱቁ በር ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ የደወለ ደንበኛ አያገኛትም። በተጨማሪ ሱቅ ውስጥ ያለ ገዢ በቴሌብር ከፍሎ ቆሟል፤ ከ127 የሚመጣው ማረጋገጫ መልእክት ግን ጥሪው እስኪያልቅ አይገባም። መልእክቱም የሚመጣው በተዘጋው በር ነውና። ገዢው "እታለም፣ ላክሁልሽ እኮ!" ይላል፤ እሷ "አልገባልኝም" ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስልኩን ስትዘጋ መልእክቱ ዱብ ይላል።

ምርጫውን እንገልብጠው። ጥሪዋ በ09 ይውጣ። አሁን በ09 ስታወራ 09 ራሱ አይዘጋም፤ የተያዘ መስመር ነው እንጂ የጠፋ አይደለም። የጥሪ መጠበቂያው፣ ማለትም ኮል ዌይቲንጉ፣ ከተከፈተ ሁለተኛ ደዋይ ሲመጣ ጆሮዋ ላይ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ስሙም ይታያታል። የ127 መልእክትም እያወራች ይገባል። ምክንያቱም መልእክት ጥሪው ባለበት በዚያው መስመር ላይ አብሮ መምጣት ይችላል። የሚዘጋው 07 ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

እኔ የምከተለው መንገድ ይኼ ነው። ሰው የሚፈልጋችሁ በየትኛው ቁጥር ነው? ጥሪያችሁም በዚያው ይውጣ። ርካሹን መስመር ለሁሉም ጥሪ ሳይሆን ለተወሰኑ ሰዎች ተጠቀሙበት። የእኛ ነጋዴ ለሁለቱ አቅራቢዎች ብቻ 07ን ትመርጣለች፤ ረዥሙን ክርክር ደግሞ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ታደርገዋለች። ዋጋም ሲነሳ የድምፅ ጥቅላችሁን ሁኔታ አንብቡ። አንዳንዱ ጥቅል የሚሠራው ወደ ራሱ ኔትወርክ ብቻ ነው። ጥቅል አለኝ ብላችሁ ወደ ሌላው ስትደውሉ የሚበላው ካርዱን ሊሆን ይችላል።

ኮል ዌይቲንግ ለመክፈት ጥሪያችሁ በሚወጣበት መስመር እንዲህ ብላችሁ ደውሉ። ሁለተኛው ኮድ መከፈቱን ይነግራችኋል።

```
*43#
*#43#
```

ወደ ስልኩ እንግባ። ሳምሰንግ ላይ Settings ከዚያ Connections ከዚያ SIM manager ነው። እዚያ Calls፣ Messages እና Mobile data የሚሉ ሦስት መስመሮች ታገኛላችሁ። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ስሙ ከስልክ ስልክ ይለያያል፤ Settings ውስጥ SIM የሚል ቃል ያለበትን ፈልጉ፣ ከላይ አካባቢ ነው። አይፎን ላይ Default Voice Line የሚለው ጥሪውን ይመለከታል። ምንም ከመቀየራችሁ በፊት ግን ሲሞቹን ስም አውጡላቸው። SIM 1 እና SIM 2 በሚል ስም ማንም ይምታታል፤ በተለይ ስልኩን ሌላ ሰው ከፍቶ ሲሙን አገላብጦ ከመለሰው። "ሱቅ 09" እና "ዳታ 07" ብላችሁ ከጻፋችሁ ስልኩ በጠየቃችሁ ቁጥር ግልጽ ነው።

Calls ስር ሁለቱን ሲሞች ብቻ አታገኙም። ሁልጊዜ ጠይቀኝ የሚል ሦስተኛ ምርጫም አለ፤ Always ask ወይም Ask every time ይላል። አንዳንድ ሰው ይህን ያሰለቻል ይላል። እኔ ግን ሁለቱንም መስመር በእኩል ለሚጠቀም ሰው እመክረዋለሁ፤ ምክንያቱ ጥሪው ብቻ አይደለም። በኮከብ ተጀምረው በመሰላል የሚያልቁት ኮዶች የሚሄዱት ለጥሪ በተመረጠው መስመር ነው። ጥሪያችሁ በ07 ተመርጦ ሳለ የቴሌብርን *127# ብትሉ ኮዱ የሚሄደው ወደ ሳፋሪኮም ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚያውቀው የለም። ስክሪኑ ላይ Connection problem or invalid MMI code ይላል። ሰው ይህን ሲያይ "ኔትወርክ የለም" ብሎ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም፤ ኮዱ የሄደው በሌላ በር ነው። ኤምፔሳም እንደዚያው ነው፤ *733# ከ07 መውጣት አለበት። በባንክ የተመዘገበ ቁጥርም ይህንኑ ይከተላል። ባንኩ የሚያውቀው 09ን ከሆነ ከ07 ስትገቡ አያውቃችሁም።

ባመለጠ ጥሪ ላይም ተጠንቀቁ። ሰው በ07 ደውሎ ቢያመልጣችሁና ከዝርዝሩ ላይ ነክታችሁ መልሳችሁ ብትደውሉ፣ አንዳንድ ስልክ የሚደውለው ጥሪው በመጣበት ሳይሆን ለጥሪ በመረጣችሁት መስመር ነው። ለዚያ ሰው የማያውቀው ቁጥር ይታየዋል፤ ላያነሳው ይችላል። ከስሙ ወይም ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ 1 ወይም 2 ማየት ይበቃል።

መልእክቱን ቶሎ እንለፈው። Messages ላይ የምትመርጡት የሚወጣውን ብቻ ነው፤ የማረጋገጫ ኮድ ሁልጊዜ በተመዘገበበት ቁጥር ይመጣል። መልእክት መጻፊያው ላይ የሲም ምልክት ስላለ ለአንድ ሰው ብቻ መቀየርም ይቻላል። በአጭር ቁጥር የሚላክ ነገር ካለ ግን፣ ቁጥሩ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ሳታውቁ አትላኩ።

አሁን የሚዘጋው 07 ነው ብለናል። እሱንም ማጣት ለማትፈልጉ መንገድ አለ፤ ጥሪ ማዞር ነው፣ ዳይቨርት የምንለው። 07 ሳይገኝ ሲቀር ጥሪው ወደ 09 ይዙር ብላችሁ ታዛላችሁ። በ09 እያወራችሁ ሳለ 07 ላይ ሰው ሲደውል፣ የሳፋሪኮም ኔትወርክ ስልኩን አላገኘውም ብሎ ጥሪውን ወደ 09 ይልከዋል። 09 ላይ ኮል ዌይቲንግ ስላለ ጆሯችሁ ላይ ጢጥ ይላል። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ኮል ዌይቲንግ ሳይከፈት ዳይቨርት ብታደርጉ ደዋዩ የሚያገኘው የተያዘ መስመር ነው።

በሞባይል ኔትወርክ የተለመደው ኮድ ይኼ ነው። ከ07 መስመር ይደወላል፤ በመሃል የምትጽፉት የራሳችሁን 09 ቁጥር ነው። ሁለተኛው ያለበትን ሁኔታ ያሳያል፣ ሦስተኛው ያጠፋል።

```
**62*09XXXXXXXX#
*#62#
##62#
```

ሳምሰንግ ላይ ይህንኑ ስልኩ ራሱ እንዲያደርገው የሚያስችል ቁልፍ አለ፤ SIM manager ውስጥ More SIM settings ስር Dual SIM always on ይባላል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ከ07 ወደ 09 የሚዞረውን ጥሪ የሚከፍለው ደዋዩ ሳይሆን ያዞረው መስመር ነው፤ ከ07 ሂሳባችሁ ይቆረጣል። ሂሳቡ ባዶ ከሆነ ላይዞር ይችላል። ሁለተኛ፣ 62 የሚሠራው ባወራችሁ ጊዜ ብቻ አይደለም። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ በማይገኝበት ስፍራ ስትሆኑም 07 "አልተገኘም" ስለሚሆን ጥሪው ይዞራል። ካዞራችሁ በኋላ ያንኑ የሁለት ጓደኛ ሙከራ ድገሙት፤ ካልደረሰ *#62# ብላችሁ በእርግጥ መመዝገቡን እዩ።

የቀረው ኢንተርኔት ነው። እዚህ ላይ ከዋጋ በፊት የምትውሉበትን ቦታ እዩ። ደሴ ጦሳ ሥር በዳገት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ታች ሜዳው ላይ ናት። እንዲህ ባለ መሬት አንዱ ሰፈር የሚይዘው ሲግናል ከሌላው ሰፈር ጋር አንድ አይሆንም። ጎረቤት "ይኼ ይፈጥናል" ስላለ አትምረጡ። ሱቅ ውስጥ ተቀምጣችሁ አንድ ቀን በ09 ሌላ ቀን በ07 ተጠቀሙና፣ ላይኛው ጥግ ላይ የሚታየው 4G ነው፣ ወይስ ወደ H+ ወይም E እየወረደ ነው የሚለውን እዩ። E ካለ ፎቶ መላክም ያታክታል። አንድ ያረጀ ወይም ርካሽ ስልክ ካላችሁ ደግሞ፣ 4G የሚሰጠው ለዳታ ለተመረጠው ሲም ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያልተመረጠውን ሲም አይታችሁ "2G ብቻ ነው ያለው" ብላችሁ አትፍረዱ፤ መጀመሪያ ዳታውን ወደ እሱ አዙሩ።

ዳታ መቀየር ቴሌግራምን ወይም ዋትሳፕን ያጠፋል ብሎ የሚፈራ ሰው አለ። አያጠፋም። እነሱ በተመዘገቡበት ቁጥር ይቆያሉ፤ ኢንተርኔቱ ከየት መጣ ብለው አይጠይቁም። በ09 የተከፈተ ቴሌግራም በ07 ዳታ ሌት ተቀን ይሠራል።

ሌላ የተለመደ ብክነት አለ። ሰው *999# ብሎ በ09 የዳታ ጥቅል ይገዛል። Mobile data ግን 07 ላይ ነው። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል፤ እየተበላ ያለው ግን የ07 ሂሳብ ነው። የተገዛው ጥቅል ሳይነካ ጊዜው ያልፍበታል። ጥቅል በገዛችሁ ማግስት *804# ብላችሁ ቀሪውን እዩ። ካልቀነሰ ዳታው በሌላው በኩል ነው።

ነጋዴያችን ዳታዋን 07 ላይ፣ ጥሪዋን 09 ላይ አደረገች። በዚህ አቀማመጥ በ09 ባወራች ቁጥር ኢንተርኔቷ ቀጥ ይላል፤ ራዲዮው አንድ ነውና። ስትዘጋ ይመለሳል። ለአጭር ጥሪ አያስጨንቅም። ገዢ የደረሰኝ ፎቶ በቴሌግራም ልኮ "አየሽው ወይ?" እያለ ስልክ ላይ ከያዛት ግን አታየውም፤ ዘግታ መክፈት አለባት።

ይህን ለማስቀረት ስልኮች አንድ ቁልፍ አዘጋጅተዋል፤ ሳምሰንግ ላይ Auto data switching ይባላል። የተመረጠው መስመር ዳታ ሲያጣ ስልኩ ራሱ ወደ ሌላው ይዘላል። አይፎን ላይ ያለው Allow Mobile Data Switching ደግሞ በሌላው መስመር እያወራችሁ ለጥሪው ጊዜ ብቻ ዳታውን ወደዚያ ያዞራል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን 09 ላይ የዳታ ጥቅል ካለ ብቻ። ነጋዴዋ በሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ስትወርድ፣ መንገዱ ላይ 07 ቢደክም ስልኩ ሳይነግራት ወደ 09 ይዘላል። እዚያ ጥቅል የለም፤ ካርድ ግን አለ። ከበስተጀርባ ቪዲዮ የሚያወርደው ቴሌግራም ያንን ካርድ ይበላዋል። ኮምቦልቻ ደርሳ ለአቅራቢው ልትደውል ስትል ሂሳቧ አልቋል። ካርዴን ማን በላው ብላ ኩባንያውን ትረግማለች። ስልኩ ግን ያደረገው የታዘዘውን ነው።

እንዲህ ሆኖባችሁ እንደሆነ ለማወቅ ሳምሰንግ ላይ Settings፣ Connections፣ Data usage ገብታችሁ በእያንዳንዱ ሲም የተበላውን ሜጋባይት አነጻጽሩ። ለዳታ ባልመረጣችሁት ሲም ስር ቁጥር ካለ ዝላዩ ተደርጓል ማለት ነው። ያኔ ወይ ቁልፉን አጥፉት፣ ወይ 09 ላይ ትንሽ የዳታ ጥቅል ያዙ። ነጋዴዋ ብሆን አጠፋው ነበር። ኢንተርኔት ለጥቂት ደቂቃ መቋረጡን ትችለዋለች፤ ደንበኛ የሚደውልበት 09 ሂሳብ አልባ መሆኑን ግን አትችለውም።